ሾርቱ መቶ ሺህ ቪው አለው፣ ሰብስክራይበሩ መቶ ብቻ፦ ክፍተቱን የመለካት ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ዩቲዩብ ላይ ሾርት ለሚለቅ ሰው የተዘጋጀ ነው። ብዙዎች ከቪው ብዛት ጋር የማይመጣጠን ሰብስክራይበር ሲያዩ የሚያደርጉት ነገር አንድ ነው፦ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» የሚለውን ድምፅ ከፍ አድርገው ይደግሙታል። ሳይለካ የሚደረግ ማስተካከያ ግን ያልታመመ ቦታ ላይ መድኃኒት እንደመቀባት ነው። ክፍተቱ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ይፈጠራል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ቁጥሩ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

ኮምፒውተር ላይ ሥሩ። የስልኩ አፕ የምትፈልጉትን ሰንጠረዥ በሙሉ አያሳይም። ኮምፒውተር ከሌላችሁ በስልካችሁ ክሮም ብሮውዘር studio.youtube.com ብላችሁ ግቡና «Desktop site» የሚለውን አብሩ፤ ጠባብ ቢሆንም ይሠራል።

የምትለኩት ሾርት ከተለቀቀ ቢያንስ ዘጠኝ ቀን የሞላው ይሁን። ሰባቱ ቀን የመለኪያው ጊዜ ነው። ሁለቱ ቀን ደግሞ የአናሊቲክሱ መዘግየት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ቁጥር ወዲያው ስለማይሞላ ትናንት የታየውን ዛሬ ብትቆጥሩ ቪውና ሰብስክራይበሩ እኩል አይደርሱላችሁም።

አንድ ሾርት ብቻ አትምረጡ። ጥሩ ቪው ያገኙ ሦስት ሾርቶችና ለማነጻጸሪያ አንድ ረጅም ቪዲዮ ያዙ።

## ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ቪው ለዩ

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ዩቲዩብ ሾርት ላይ ቪው የሚቆጥረው ቪዲዮው መጫወት በጀመረበት ቅጽበት ነው። አንድ ሰው በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲያልፍ ቪዲዮው ከተነሳ ቪው ነው። ቪዲዮው አልቆ ራሱን ሲደግምም ሌላ ቪው ነው። ስለዚህ ከርዕሱ ሥር የሚታየው ቁጥር የተመልካች ብዛት አይደለም፤ ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነው የሚነግራችሁ።

የድሮው አቆጣጠር ግን አልጠፋም። ተመልካቹ ወዲያው ሳያልፍ የቆየባቸውን ብቻ የሚቆጥረው ቁጥር አናሊቲክስ ውስጥ «Engaged views» በሚል ስም ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ኢንጌጅድ ቪው እንለዋለን። ስሌታችሁ ሁሉ በዚህ ቁጥር ይሁን። ለሞኒታይዜሽን የሚጠየቀው በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርት ቪውም የሚቆጠረው በኢንጌጅድ ቪው ነው እንጂ ከርዕሱ ሥር ባለው ቁጥር አይደለም።

ተጠንቀቁ፦ ከዚያ ቀን በፊት የተለቀቀን ሾርት ከዚያ በኋላ ከተለቀቀ ጋር በ«Views» አታወዳድሩ። ሁለቱ በተለያየ ቁና የተሰፈሩ ናቸው። «ድሮ በሃምሳ ሺህ ቪው ብዙ ሰብስክራይበር እናገኝ ነበር፣ አሁን በመቶ ሺህም የለም» የሚለው ቅሬታ በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው።

## ደረጃ 2፦ ሰንጠረዡን አውጡ

1. ስቱዲዮ ውስጥ «Content» ገብታችሁ ሾርቱን ምረጡ፣ ከዚያ «Analytics» ክፈቱ።
2. «Advanced mode» ተጫኑ። በአንዳንድ ገጽ ላይ «See more» ተብሎ ነው የሚገኘው።
3. ቀኑን ከተለቀቀበት ቀን እስከ ሰባተኛው ቀን አድርጉ። «Since published» የሚለውን ተዉት፤ የስድስት ወር ሾርት ከሁለት ሳምንት ሾርት ጋር እኩል አይለካም።
4. ከሰንጠረዡ ጎን ያለውን የመደመር ምልክት ተጫኑና «Views»፣ «Engaged views»፣ «Subscribers gained» እና «Subscribers lost» ጨምሩ።
5. አራቱንም ቁጥሮች ጉግል ሺትስ ላይ ጻፉ። ለሌሎቹ ቪዲዮዎችም ይህንኑ ድገሙ።

«Subscribers» ብቻ የሚለውን አምድ አትውሰዱ። እሱ ከመጡት ላይ የሄዱት ተቀንሰው የቀረው ነው። መቶ መጥተው ዘጠና ቢሄዱ አሥር ይላችኋል፤ እናንተም «ማንም አልመጣም» ብላችሁ ታስባላችሁ። ሰው አለመምጣቱና መጥቶ መሄዱ የተለያየ በሽታ ነው።

ቀጥሎ፣ ካዩት ሰዎች ስንቱ ቀድሞም ሰብስክራይበር እንደነበሩ እዩ። እዚያው ላይ «Subscription status» የሚለውን ክፍፍል ምረጡ። «Not subscribed» የሚለው ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ መዝግቡ። ይህን ስታደርጉ የሰብስክራይበር አምዱ ከሰንጠረዡ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ሁለቱ አብረው አይወጡም። ለዚህም ነው ቁጥሮቹን አስቀድማችሁ የጻፋችኋቸው። አካውንታቸው ውስጥ ሳይገቡ የሚያዩትም እዚሁ «Not subscribed» ውስጥ እንደሚቆጠሩ ያዙ፤ እነሱ ቢወዱት እንኳ ሳይገቡ ሰብስክራይብ ማድረግ አይችሉም።

## ደረጃ 3፦ ሦስቱን ስሌቶች ሥሩ

ሺትሱ ላይ A ርዕሱ፣ B ቪው፣ C ኢንጌጅድ ቪው፣ D የመጡ፣ E የሄዱ፣ F ደግሞ ሰብስክራይበር ያልሆኑት ድርሻ ይሁን፤ F ላይ ቁጥሩን ከመቶኛ ምልክቱ ጋር፣ እንደ 96% አድርጋችሁ ጻፉ። ከዚያ በጎን ባሉት ሦስት ሳጥኖች እነዚህን በየተራ ጻፉ፦

```
=C2/B2
=D2/C2*1000
=D2/(C2*F2)*1000
```

የመጀመሪያው ከተነሳው ቪው ስንቱ እንደቆየ ይነግራችኋል። ሁለተኛው በሺህ ኢንጌጅድ ቪው ስንት ሰብስክራይበር እንደመጣ ነው። ሦስተኛው ያንኑ፣ ነገር ግን ሰብስክራይብ ማድረግ ከሚችሉት አንጻር ብቻ ያሰላል፤ ቀድሞ ቤተሰብ የሆነ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ቤተሰብ መሆን አይችልምና።

በምሳሌ እንየው። ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፦ አንድ የምግብ ቻናል የ22 ሰከንድ ሾርት ለቀቀ። ምጣድ ላይ ሊጥ ሲዞር፣ የእንጀራው ዓይን ከዳር ወደ መሃል ሲወጣ፣ አክንባሎው ሲከደንና ሲነሳ፣ እንጀራው በሰፌድ ሲወጣ ያሳያል። ንግግር የለውም፤ ለስለስ ያለ የክራር ሙዚቃ ብቻ። በሰባት ቀን 184,000 ቪው፣ 97,500 ኢንጌጅድ ቪው፣ 112 የመጡ፣ 9 የሄዱ። ሰብስክራይበር ያልሆኑት ድርሻ 96 በመቶ።

የመጀመሪያው ስሌት 0.53 ይሰጣል፤ ከተነሳው ግማሽ ያህሉ ቆይቷል ማለት ነው። ሁለተኛው በሺህ 1.15፣ ሦስተኛው በሺህ 1.2 ነው። የዚያው ቻናል የ14 ደቂቃ የአብሲት አጣጣል ቪዲዮ በ4,200 ቪው 46 ሰብስክራይበር አምጥቷል፤ በሺህ 11 ገደማ። የሾርቱን በኢንጌጅድ ቪው ወስደን በአንድ ቪው ሲሰላ ረጅሙ ከሾርቱ ዘጠኝ እጥፍ በላይ ይሰበስባል።

ይህ ልዩነት ብቻውን ሾርቱ መጥፎ ነው አያሰኝም። ረጅሙን ቪዲዮ ያየው ሰው ርዕሱን አንብቦ፣ ፈልጎ የከፈተው ነው። ሾርቱ ግን ባልጠየቀው ሰው ፊት የተደቀነ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሾርትን ከሾርት ጋር ለኩ።

### ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ

ሰብስክራይበሩ 4 የሆነ ሾርትና 8 የሆነ ሾርት ይዛችሁ «ሁለተኛው በእጥፍ በለጠ» አትበሉ። ቀላል የግምት ዘዴ አለ፦ የመጡትን ቁጥር ስኩዌር ሩት አውጡና በሁለት አባዙት፤ የመዋዠቁ ልክ በግምት እሱ ነው። ለ112 ወደ 21 ይሆናል፤ እውነተኛው ጉልበት ከ91 እስከ 133 ባለው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ለ4 ግን መዋዠቁ ራሱ 4 ነው፤ ከ0 እስከ 8 ያለው ሁሉ ሊሆን ይችላል። ከ30 በታች ከሆነ የሦስት አራት ሾርቶችን ኢንጌጅድ ቪውና ሰብስክራይበር ደምራችሁ አንድ ላይ አስሉ።

## ደረጃ 4፦ ቪው ከየት እንደመጣ ክፈሉት

ለአማርኛ ቻናሎች ከሁሉ የሚበልጠውን የሚያሳየው ይህ ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። «Geography» የሚለውን ክፍፍል ምረጡና ኢንጌጅድ ቪውንና የመጡትን በአገር በአገር እዩ። በሦስት ክፍል መድቧቸው፦ ኢትዮጵያ፤ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ያለባቸው የውጭ አገሮች፤ ሌላው ዓለም።

የእንጀራው ሾርት እንዲህ ተከፈለ፦

- ኢትዮጵያ፦ 14,000 ኢንጌጅድ ቪው፣ 66 ሰብስክራይበር። በሺህ 4.7።
- አሜሪካ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስና እስራኤል በአንድ ላይ፦ 12,500፣ 27 ሰብስክራይበር። በሺህ 2.2።
- ሌላው ዓለም፦ 71,000፣ 19 ሰብስክራይበር። በሺህ 0.27።

አሁን ነገሩ ተገለጠ። «በሺህ 1.15» የሚለው አማካይ ማንንም አይወክልም። አገር ውስጥ ያለው ተመልካች በደህና ልክ ቤተሰብ ሆኗል፤ ቁጥሩን ወደ ታች የጎተተው ከመቶ ሰባ ሦስት የሚሆነው፣ ቻናሉ የሚናገረውን ቋንቋ የማይሰማ ተመልካች ነው። ንግግር የሌለው ቪዲዮ ድንበር የለውም። የሊጡ አዟዟር ጃካርታ ያለውንም ሰው ዓይኑን ይይዘዋል፤ ሰውዬው ግን ቻናሉ ላይ ገብቶ አማርኛ ሲሰማ ሰብስክራይብ የሚያደርግበት ምክንያት የለውም።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አገር ማለት ቋንቋ አይደለም፤ ሳዑዲና ኤምሬትስ ውስጥ ካዩት ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ የ2.2ቱ ዝቅ ማለት ከፊሉ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛ፣ አገር ቤት ሆኖ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ሌላ አገር ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ኮሜንቱን አብራችሁ አንብቡ። ከሃምሳ ኮሜንት ስንቱ በአማርኛ ወይም በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ከአገር ክፍፍሉ ጋር ከተራራቀ ኮሜንቱን እመኑ።

## ደረጃ 5፦ ከሾርቱ ስም ውጭ የተመዘገቡትን ፈልጉ

ሾርቱን አይቶ እዚያው «Subscribe» የተጫነ ሰው በሾርቱ ስም ይመዘገባል። የቻናሉን ስም ነክቶ ገጹ ላይ ከገባ በኋላ የተጫነ ግን በቻናሉ ገጽ ስም ነው የሚመዘገበው። ሾርታችሁ ጥሩ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ያነሰበት አንድ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ጥንቁቅ ተመልካች አስቀድሞ ገብቶ ሌላ ምን እንዳለ ያያልና።

ለማወቅ በቻናሉ አጠቃላይ አናሊቲክስ ላይ «Subscription source» ክፈቱና ከቻናሉ ገጽ የመጡትን ሁለት ጊዜ መዝግቡ፤ ሾርቱ ከመለቀቁ በፊት ያሉትን ሰባት ቀናትና ከተለቀቀ በኋላ ያሉትን ሰባት ቀናት። ከ35 ወደ 63 ካደገ፣ በመካከሉ ሌላ ቪዲዮ ካልለቀቃችሁ፣ ትርፉ 28 የሾርቱ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ሌላ ቪዲዮ ከለቀቃችሁ ግን ግምቱ ስለሚበላሽ ተዉት።

## ደረጃ 6፦ ክፍተቱ ያለበትን ለይታችሁ አስተካክሉ

ቁጥሮቹ ከሚከተሉት ወደ አንዱ ይመሯችኋል። ሁለት ከሆነባችሁ ከላይኛው ጀምሩ፤ የላይኛው ሳይደፈን የታችኛውን መድፈን ቁጥሩን ያምታታል።

### ሀ. የመጀመሪያው ስሌት ከሌሎች ሾርቶቻችሁ በጣም ካነሰ

ሰው ቪዲዮውን ሳያየው እያለፈ ነው። ችግሩ ከሰብስክራይብ ጋር ገና አልተገናኘም። መክፈቻው ላይ የቻናል አርማ፣ ሰላምታ ወይም «ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት» ካለ ቁረጡት። የሚታየው ነገር በመጀመሪያው ሰከንድ ይታይ።

### ለ. ቆይተው ያያሉ፣ ግን አማርኛ የማይሰሙ ናቸው

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ድምፃችሁን አስገቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ዓይን እምቢ ያለው እንጀራ ችግሩ አብሲቱ ላይ ነው።» ይህንኑ በፊደል ስክሪኑ ላይ ጻፉት። ርዕሱንም በአማርኛ አድርጉት፤ ሲለቀቅ የቪዲዮውን ቋንቋ «Amharic» ብላችሁ ምረጡ።

ቪው ይቀንሳል። ይህ አስቀድሞ የሚጠበቅ ስለሆነ ቀነሰ ብላችሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ድሮው አትመለሱ። አማርኛ የማይሰማው ሰው ቶሎ ስለሚያልፍ ፊዱም ለእሱ ዓይነት ሰው ማሳየቱን ይቀንሳል፤ የምትፈልጉትም እሱኑ ነው።

### ሐ. ተመልካቹ የእናንተ ነው፣ ይቆያል፣ ግን አይጫንም

እዚህ ላይ ያለው ስህተት ብዙ ጊዜ የቪዲዮው ሙሉነት ነው። ሾርቱ ጥያቄውን አንስቶ እዚያው ከመለሰና መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ተጋጥሞ ከዞረ፣ ተመልካቹ ረክቶ ያልፋል። ዙሩ ቪው ያበዛል፤ የሚያቆምበት ቦታ ስለሌለው ግን ተመልካቹ ጣቱን ወደ ስሙ የሚያነሳበት ቅጽበት አያገኝም። ሦስት ነገር አድርጉ፦

1. ቀጣይ ያለው ሥራ ሥሩ። «የአብሲት ሦስት ስህተቶች» ካላችሁ አንዱን ስህተት በሙሉ አሳዩ፣ ሁለተኛው በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ተናገሩ፤ በዚያ ቀንም አውጡት። ያሳያችሁትን አንዱን ግን ሳትጨርሱ አትቁረጡ፤ የተታለለ ሰው ቢጫንም በማግስቱ ይሄዳል፣ ያንን ደግሞ «Subscribers lost» ላይ ታዩታላችሁ።
2. ረጅሙን ቪዲዮ አያይዙ። ስቱዲዮ ውስጥ የሾርቱን ዝርዝር ክፈቱና «Related video» ላይ ምረጡት። ዲስክሪፕሽንና ኮሜንት ውስጥ የሚለጠፍ ሊንክ ከኦገስት 31 ቀን 2023 ጀምሮ ሾርት ላይ ሲነኩት አይከፍትም። «ሊንኩን ዲስክሪፕሽን ላይ አስቀምጫለሁ» ማለት ተመልካቹን ባዶ ቦታ መላክ ነው። ምርጫው ካልመጣላችሁ በቻናሉ ሴቲንግ ውስጥ «Feature eligibility» ገብታችሁ የቀረውን ማረጋገጫ ጨርሱ።
3. የስክሪኑን ታች ባዶ ተዉ። የቻናሉ ስምና «Subscribe» የሚለው ቁልፍ ታች በግራ ናቸው፤ ላይክና ኮሜንት በቀኝ ዳር። ትልልቅ ነጭ ጽሑፍ በታችኛው ሩብ ላይ ካስቀመጣችሁ ቁልፉ ከጽሑፉ ጋር ተደባልቆ ዓይን አይለየውም። ስልካችሁ ላይ በሌላ አካውንት ከፍታችሁ ተመልከቱት፤ ኤዲት ስታደርጉ አይታይም።

ሰብስክራይብ አድርጉ የሚለውን ቃል መጨረሻ ላይ አታቆዩት፤ እዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ጥቅሙ በታየበት ቅጽበት፣ ዓይኑ ወጥቶ አክንባሎው ሲከደን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት፤ ምክንያቱንም አብራችሁ፦ «የጤፍ ሥራን በየሳምንቱ እናሳያለን፣ ቤተሰብ ሁኑ።»

ተጠንቀቁ፦ ክፍተቱን «ሰብ ለሰብ» በመለዋወጥ ወይም ሰብስክራይበር በመግዛት አትሙሉት። ዩቲዩብ ይህን በደንቡ ይከለክላል፣ የመጣውንም ቁጥር ይሰርዘዋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን እናንተ የምትለኩበትን ሚዛን ያበላሽባችኋል።

## ደረጃ 7፦ ለውጡን ፈትኑ

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ሦስት ሾርቶች ልቀቁ። ድምፅ፣ ርዝመትና ቀጣይነት በአንድ ጊዜ ከተቀየሩ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የመጨረሻው ዘጠኝ ቀን ሲሞላው እያንዳንዱን በራሱ የመጀመሪያ ሰባት ቀን ለኩ።

የምግብ ቻናሉ ምሳሌ እንዲህ ይቀጥላል። በተመሳሳይ ምጣድና ተመሳሳይ ርዝመት፣ አማርኛ ንግግርና ጽሑፍ ብቻ ተጨምሮ ሦስት ሾርት ተለቀቀ። ኢንጌጅድ ቪው 11,200፣ 9,400 እና 13,900 ሆነ፤ ድምሩ 34,500። ሰብስክራይበሩ 58፣ 41 እና 72፤ ድምሩ 171። በሺህ 5 ገደማ ነው። ሦስቱ ተደምረው የመጀመሪያውን ሾርት ቪው ግማሽ እንኳ አልደረሱም፤ ሰብስክራይበሩ ግን ከ112 ወደ 171 ወጣ። መዋዠቁን ብንቆጥር ዝቅተኛው 145 ነው፣ የድሮው ከፍተኛ ደግሞ 133፤ በሺህ ሲሰላማ ልዩነቱ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ለውጡ የአጋጣሚ አይደለም።

### ካልተለወጠስ?

በሺህ ያለው ቁጥር እንደነበረ ከሆነ አገሩን መልሳችሁ እዩ። የኢትዮጵያ ድርሻ ካደገ፣ የኢትዮጵያ በሺህ ቁጥር ግን ከወደቀ፣ ችግሩ ከ«ለ» ወደ «ሐ» ተሻግሯል። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ የቻናሉን ገጽ በማያውቀው ሰው ዓይን ክፈቱት፦ ሾርቱ ስለ እንጀራ ሆኖ ገጹ ላይ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቪዲዮዎች የሠርግ ጭፈራና የዜና ቅንጫቢ ከሆኑ፣ ሰውየው ገብቶ የሚጠብቀውን አላገኘም። ገጹን በጉዳይ በጉዳይ በፕሌይሊስት ከፋፍሉና የሾርቱን ጉዳይ የያዘውን ከላይ አድርጉት።

ብዙ ቪው ያመጣውን የድሮ ሾርት አታጥፉት። «Related video» ጨምሩበትና ተዉት፤ ከተጨመረበት ቀን ጀምሮ ያለውን ሰባት ቀን ከዚያ በፊት ካለው ሰባት ቀን ጋር አስተያዩ።